ሁለቱ ማሽኖች ለምን የተለያየ የስብ መጠን አሳዩ? ለአንዲት ታካሚዬ የጻፍኩት መልስ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣

ማክሰኞ ጠዋት ሚዛንዎን ይዘው ስለመጡ አመሰግናለሁ። የቤትዎ ሚዛን የሰውነት ስብዎ 38.6 በመቶ ነው አለ። የክሊኒካችን ማሽን ደግሞ ከዚያ በፊት ሲለኩ 33.9 በመቶ ብሎ ነበር። «የትኛውን ልመን?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ልመልስልዎት።

ሁለቱም ማሽኖች አልተበላሹም። በመካከላቸው ያለው 4.7 ነጥብ ከየት እንደመጣ ማክሰኞ ዕለት አብዛኛውን አግኝተነዋል። ከፊሉ የሚታረም ነው፤ ከፊሉ ግን መቼም የማይጠፋ ነው። ይህን ለይተው ካወቁ የቤትዎን ሚዛን ሳይጥሉ በደንብ ይጠቀሙበታል። ከታች መጀመሪያ ማሽኖቹ ምን እንደሚሠሩ፣ ቀጥሎ የእርስዎን ቁጥሮች፣ ከዚያ ደግሞ ከነገ ጀምሮ እንዴት እንደሚለኩ በየተራው አስቀምጫለሁ።

## ማሽኑ በቀጥታ የሚለካው ምንድን ነው?

ሁለቱም ማሽኖች ስብን አያዩትም። የሚያደርጉት በእግርዎ ወይም በእጅዎ በኩል በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት መልቀቅ ነው። ፍሰቱ ስለማይሰማ ምንም አላወቁትም። ከዚያ ማሽኑ ፍሰቱ በሰውነትዎ ውስጥ ለማለፍ ምን ያህል እንደተቸገረ ይመዘግባል። ጡንቻና ደም ውሃና ጨው ስላላቸው ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋሉ። ስብ ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ስለሆነ እምብዛም አያሳልፍም።

ቀሪው ሁሉ ስሌት ነው። ማሽኑ ቁመትዎንና ፍሰቱ የገጠመውን እንቅፋት ይዞ በሰውነትዎ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ እንዳለ ይገምታል። ቀጥሎ አንድ ነገር ይታሰባል፤ ስብ ካልሆነው የሰውነት ክፍል 73 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው ተብሎ። ስለዚህ የውሃውን መጠን ለ0.73 አካፍሎ ስብ ያልሆነውን ክብደት ያገኛል። መጨረሻ ላይ ያንን ከጠቅላላ ክብደትዎ ይቀንሳል። የተረፈው «ስብ» ተብሎ ስክሪኑ ላይ ይወጣል።

ይቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ቅነሳ ናት ነገሩን ሁሉ የምታስቸግረው። ስብ ተራፊ ቁጥር ስለሆነ፣ ከላይ ያለው ስህተት በሙሉ እሱ ላይ ይወድቃል። በእርስዎ ክብደት ላስላው። ማሽኑ የሰውነት ውሃዎን በአንድ ሊትር ብቻ ቢስት፣ አንድ ሊትር ለ0.73 ሲካፈል 1.37 ኪሎ ይሆናል። 1.37 ኪሎ ከ68 ኪሎ ውስጥ 2 በመቶ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ያህል የግምት ስህተት የስብ መጠንዎን በ2 ነጥብ ያንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። በሰውነትዎ ውስጥ ካለው ከ30 ሊትር በላይ ውሃ አንድ ሊትር ትንሽ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ግን ያስደነግጣል።

የእርስዎን ሁለት ውጤቶች በዚህ መንገድ ወደ ኋላ ብናሰላቸው፣ የቤትዎ ሚዛን 30.5 ሊትር ያህል ውሃ ገምቷል። የክሊኒኩ ደግሞ 32.8 ሊትር ያህል። ልዩነቱ 3 ሊትር እንኳ አይሞላም። «38.6 ነኝ ወይስ 33.9?» የሚለው ጭንቀት ያረፈው እዚህ የውሃ ግምት ላይ ነው።

## ፍሰቱ በየት በኩል አለፈ?

የቤትዎ ሚዛን ላይ ባዶ እግርዎን የሚያሳርፉባቸው አራት የብረት ንጣፎች አሉ። ፍሰቱ በአንዱ እግር ይወጣል፣ በታችኛው ሆድ በኩል ይሻገርና በሌላው እግር ይወርዳል። ክንዶችዎን፣ ደረትዎንና አብዛኛውን ሆድዎን አይነካም። ስለ እነሱ የሚነግርዎት ሁሉ ከእግርዎ ተነስቶ የገመተው ነው።

የክሊኒኩ ማሽን እግር ማሳረፊያም የእጅ መያዣም አለው። ስምንት የመገናኛ ቦታ ስላለው ሁለቱን እጆች፣ ሁለቱን እግሮችና መሃል አካልን ለየብቻ ይለካል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከቤት ሚዛን ይልቅ ሙሉውን ሰውነት የተሻለ የሚወክለው።

ይህ ማለት ግን የክሊኒኩ ማሽን ሆድን በደንብ ያያል ማለት አይደለም። ኤሌክትሪክ በቀጭንና ረጅም ቱቦ ውስጥ እንደሚያልፍ ውሃ ነው፤ ቱቦው ሲጠብ ይቸገራል፣ ሲሰፋ ይቀለዋል። ክንድና እግር ቀጭንና ረጅም ናቸው። መሃል አካል ግን ወፍራምና አጭር ነው። በዚህ ምክንያት መሃል አካላችን የክብደታችንን ግማሽ ያህል ይዞ ሳለ፣ ፍሰቱ ከሚገጥመው ጠቅላላ እንቅፋት ውስጥ የእሱ ድርሻ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች አብልጠው የሚያሳስባቸው የሆድ ስብ፣ ለሁለቱም ማሽኖች በጣም አስቸጋሪው ነው። ለዚህ ነው ከታች የወገብ ልኬትን የጨመርኩልዎት።

ሌላው ልዩነት ቀመሩ ነው። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቀመር አለው፤ አብዛኞቹም ለሕዝብ አያሳዩትም። ቀመሩ የሚሠራው የተወሰኑ ሰዎችን ስብ በሌላ ጠለቅ ባለ ዘዴ ለክቶ፣ ውጤቱን ከኤሌክትሪክ ንባባቸው ጋር በማዛመድ ነው። የተለኩት ሰዎች የሰውነት አሠራር ከእርስዎ ከተለየ ግምቱ ይንሸራተታል። እግራቸው ከቁመታቸው አንጻር ረጅም የሆነ ሰዎች ለምሳሌ፣ ፍሰቱ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ከእግር እስከ እግር የሚለካ ሚዛን ላይ ስባቸው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የብዙ ሕዝቦችን መረጃ አሰባስቦ የወጣ ጥናት፣ ዕድሜና ፆታ እንዲሁም የስብ መጠን እኩል ሆኖ ሳለ፣ የኢትዮጵያውያኑ ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደትን ከቁመት አንጻር የሚያሳየው ቁጥር፣ ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች በ4.6 ዝቅ ብሎ መገኘቱን ዘግቧል። በሌላ ሕዝብ ላይ የተሠራ ቀመር እንዳለ ለእኛ ላይስማማ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም።

## የእርስዎ 4.7 ነጥብ እንዴት ተከፋፈለ?

የልደት ዓመቱ። ማክሰኞ የስልክዎን አፕ ስንከፍት የልደት ዓመትዎ 1977 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘነው። እርስዎ የተወለዱት በታኅሣሥ 1977 በእኛ አቆጣጠር ነው። አፑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ስለዚህ የ41 ዓመቷን ሴት የ48 ዓመት አደረጋት። አብዛኞቹ የቤት ሚዛኖች ደግሞ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ስብ ይጨምራል ብለው ያሰላሉ። የሚዛንዎን ቀመር አላውቀውም፤ ግን ከቢኤምአይና ከዕድሜ ተነስቶ ስብን የሚገምት አንድ የታወቀ ቀመር ለእያንዳንዱ ዓመት 0.23 ነጥብ ይጨምራል። ለ7 ዓመት 1.6 ነጥብ መሆኑ ነው። ዓመቱን ወደ 1984 አርመን እዚያው ሲቆሙበት ከ38.6 ወደ 37.1 ወረደ። 1.5 ነጥብ በአንዲት ማስተካከያ ሄደ። ይህን ስህተት ብዙ ታካሚዎች ላይ አያለሁ፤ ለዚህ ነው ከሁሉ አስቀድሜ የምፈትሸው።

የመለኪያው ሰዓት። ቤትዎ የተለኩት ከእንቅልፍ እንደተነሱ ነው። ክሊኒክ የተለኩት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ምሳ በልተው፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለው፣ ከታክሲ ወርደው በእግር መጥተው ነው። ሌሊት ሲተኙ እግር ላይ ያለው ፈሳሽ ወደ ላይ ይሰራጫል። ጠዋት እግር «ደረቅ» ስለሆነ ፍሰቱ ይቸገራል፣ ስብ ከፍ ብሎ ይታያል። ቀን ሲቆሙ ፈሳሹ ተመልሶ እግር ላይ ይወርዳል። በእግር ሲሄዱ ደግሞ ቆዳ ይሞቃል፣ የደም ዝውውር ይጨምራል። ሁለቱም ፍሰቱን ያቀሉታል፣ ስብ ዝቅ ብሎ ይታያል። ማክሰኞ ጠዋት ሳይበሉ በክሊኒኩ ማሽን ሲለኩ 33.9 የነበረው 35.2 ሆነ። 1.3 ነጥብ የሰዓት ልዩነት ነበር።

የቀረው። በአንድ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በትክክለኛ ዕድሜ ተለክተውም የቤትዎ 37.1፣ የክሊኒኩ 35.2 ነው። ይህ 1.9 ነጥብ የመንገዱና የቀመሩ ልዩነት ነው። ምንም ቢያደርጉ አይጠፋም። አይታገሉት።

«ታዲያ እውነተኛው ስንት ነው?» ይሉኝ ይሆናል። ለአንድ ሰው እንዲህ ያሉ ማሽኖች ከእውነተኛው መጠን 3 ወይም 4 ነጥብ ቢርቁ የተለመደ ነው። ስለዚህ በሠላሳዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነዎት ብል ነው ትክክለኛው አነጋገር። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ቁጥር ማሽኑ ያን ያህል ያውቃል ማለት አይደለም። ለሕክምናዎ የሚጠቅመን ቁጥሩ በወራት ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የቤትዎ ሚዛን በትክክል ከተያዘ ይበቃል።

## አንደኛ፦ አፑን ያጽዱ

የልደት ዓመቱ ተስተካክሏል። ቁመትዎን ግን እንደገና እንለካው ብዬ ነበር። አፑ ላይ 160 ሴንቲ ሜትር ነው ያለው፤ ከመታወቂያ የተወሰደ ቁጥር መሆኑን ነግረውኛል። ጫማ አውልቀው፣ ተረከዝዎን፣ መቀመጫዎንና ጀርባዎን ግድግዳ አስነክተው ይቁሙ። ሹሩባ ወይም ከፍ ያለ ጸጉር ካለ ይጫኑት። አንድ ሰው ጠንካራ መጽሐፍ ከራስዎ በላይ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ያሳርፍና ምልክት ያድርግ።

ቁመት ላይ ይህን ያህል የምጨቀጭቅዎት ስሌቱ ውስጥ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ ነው። 160 የሆነች ሴት 165 ብላ ብትጽፍ፣ ማሽኑ ውሃን የሚገምትበት ዋና ቁጥር በ6 በመቶ ይጨምራል። ጡንቻዋ በዝቶ፣ ስቧ አንሶ ይታያል።

አፑ ላይ «Athlete» የሚል ምርጫ ካለ አይንኩት። እሱ ለረጅም ጊዜ በሳምንት ብዙ ሰዓት ለሚሠለጥኑ ስፖርተኞች የተለየ ቀመር ነው። ሲመርጡት የስብ መጠን ወዲያው ዝቅ ይላል፤ ሰውነትዎ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እህትዎም በዚሁ ሚዛን እንደምትለካና ክብደታችሁ እንደሚቀራረብ ነግረውኛል። ብዙ ሚዛኖች ሰውን የሚለዩት በክብደት ነው። የእሷ ንባብ በእርስዎ ስም እንዳይገባ፣ ከመቆምዎ በፊት ስልኩ ላይ የእርስዎ ስም መመረጡን ይዩ።

## ሁለተኛ፦ ጠዋቱን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያድርጉት

በሳምንት አንድ ቀን ይምረጡ። እሑድ የሚመች ከሆነ እሑድ ይሁን። በየቀኑ አይለኩ፤ በየቀኑ የሚያዩት የውሃ መውጣትና መውረድ ነው፣ ያለ ጥቅም ያበሳጭዎታል።

ከእንቅልፍ ይነሱ፣ ሽንት ቤት ይሂዱ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይበሉ። ከአልጋ ዘለው ሚዛኑ ላይ አይውጡ፤ ፈሳሹ ትንሽ ይረጋጋ። ቡና፣ ውሃ፣ ቁርስ ገና ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥተው ወዲያው ቢለኩ፣ ውሃው ሆድ ውስጥ ስላለና ማሽኑ ሆድን በደንብ ስለማያይ፣ ክብደትዎ በግማሽ ኪሎ ይጨምራል እንጂ የሰውነት ውሃዎ የጨመረ አይመስለውም። አብዛኛውን ያንን ግማሽ ኪሎ ስብ ብሎ ይቆጥርብዎታል። ብዙ ሰው «ውሃ ስጠጣ ስቤ ይቀንሳል» ብሎ ከመለካቱ በፊት ይጠጣል፤ ውጤቱ ተቃራኒው ነው የሚሆነው።

ሚዛኑን ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ ያድርጉት። ቀላል ልብስ ይልበሱ፣ በየሳምንቱም ያንኑ ይልበሱ። እግርዎን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱና በትንሹ እርጥበት እንዳለው ይቁሙ። ማታ እግርዎን ቫዝሊን የሚቀቡ ከሆነ ጠዋት በሳሙና ይታጠቡት። ቫዝሊኑ፣ እንዲሁም የደረቀና የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ ፍሰቱ ገና ከመግባቱ ይከለክሉታል። ማሽኑ ደግሞ የቆዳውን እንቅፋት ከሰውነት እንቅፋት መለየት አይችልም፤ ስብ ነው ብሎ ያስባል። ሲቆሙ ጭኖችዎ ቆዳ ለቆዳ እንዳይነካኩ እግርዎን ትንሽ ይክፈቱ ወይም ስስ ቁምጣ ይልበሱ። ጭኖች ከተነካኩ ፍሰቱ አቋራጭ ያገኛል፣ ቁጥሩም ያለ አግባብ ዝቅ ይላል።

አንዴ ተለክተው ይውረዱ፣ እንደገና ይውጡ። ሁለቱ ንባቦች በግማሽ ነጥብ ውስጥ ከሆኑ አማካዩን ይጻፉ። ከአንድ ነጥብ በላይ ከተራራቁ ብዙ ጊዜ ችግሩ የእግር ማሳረፊያው ነው፤ እግርዎን እንደገና አብሰው፣ ንጣፎቹንም ወልውለው ሦስተኛ ይሞክሩ።

የማይለኩባቸው ቀናትም አሉ። የወር አበባ ላይ ሲሆኑ፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲኖርዎት፣ በዋዜማው ድግስ ላይ ብዙ ጨው ያለው ምግብ በልተው ወይም መጠጥ ጠጥተው ከሆነ፣ ይዝለሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ይለኩ። አንድ ባዶ ሳምንት ከተሳሳተ ቁጥር ይሻላል።

ስለ ጾም ጠይቀውኝ ነበር። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ስለሚቆዩ፣ ያኔም ጠዋት እንደወትሮው ይለኩ። ከሰዓት በኋላ ሳይጠጡ ውለው ከተለኩ ውሃ አንሶብዎት ስብዎ ከፍ ብሎ ይታያል። ደግሞ የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ክብደት ቶሎ ቢቀንስ እንዳይገርምዎት። በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ በአንድ ግራም ላይ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይሄዳል። ማሽኑ ያንን የውሃ መቀነስ «ጡንቻ ጠፋ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። የጾሙን መጀመሪያ ሳምንት ከጾሙ በፊት ከነበረው ጋር አያነጻጽሩ፤ ከሦስተኛው ሳምንት ጋር ያነጻጽሩት።

## ሦስተኛ፦ ወገብዎን ይለኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በጎንዎ በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣትዎ ያግኙ። ቀጥሎ የዳሌ አጥንትዎን የላይኛውን ጠርዝ ያግኙ። ሜትሩን በሁለቱ መካከል፣ በልብስ ላይ ሳይሆን በቆዳ ላይ፣ ዙሪያውን እኩል ከፍታ እንዲይዝ አድርገው ያዙሩት። ሆድዎን አያስገቡ። አየር እንደወትሮው አስወጥተው ሲጨርሱ ያንብቡ። ሜትሩ ቆዳ ይንካ እንጂ አይጫን።

ማክሰኞ የእርስዎ ወገብ 92 ሴንቲ ሜትር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ለልብና ለስኳር በሽታ ያለው ስጋት እንደሚጨምር፣ ከ88 በላይ ሲሆን ደግሞ በጣም እንደሚጨምር ይገልጻል። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለው ክርክር ይህን ቁጥር አይነካውም። እኔ ከሁለቱም መቶኛዎች ይልቅ ይህን አስቀድሜ የማየው ለዚህ ነው።

## አራተኛ፦ መቶኛውን ወደ ኪሎ ይቀይሩ

በደብተርዎ ላይ ቀኑን፣ ክብደትዎን፣ የስብ መቶኛውን፣ የስብ ኪሎውን ይጻፉ። ወገብን በወር አንዴ ይጨምሩበት። የስብ ኪሎ ማለት ክብደት ሲባዛ በመቶኛው፣ ሲካፈል ለ100 ነው። የማክሰኞው የእርስዎ 68 ሲባዛ በ37.1፣ ሲካፈል ለ100፣ 25.2 ኪሎ ይሆናል።

ኪሎው የሚሻለው መቶኛው ሊያታልል ስለሚችል ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ከሁለት ወር በኋላ ክብደትዎ 66.2 ኪሎ፣ መቶኛው 36.3 ሆነ እንበል። «በሁለት ወር 0.8 ነጥብ ብቻ!» ብለው ተስፋ ሊቆርጡ ይችላሉ። በኪሎ ስናየው ግን 66.2 ሲባዛ በ36.3፣ ሲካፈል ለ100፣ 24.0 ኪሎ ነው። ከጠፋው 1.8 ኪሎ ውስጥ 1.2ቱ ስብ ነው ማለት ነው። የቀረው 0.6 ኪሎ «ጡንቻ» ተብሎ ሊታይዎት ይችላል። እሱን በውሃ ሲያሰሉት ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ማሽኑ ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር አይለይም፤ ስለዚህ «ጡንቻዬ ሟሟ» ብለው አይደንግጡ። በዚያው ጊዜ ወገብዎ ከ92 ወደ 89 ወርዶ ከሆነ፣ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄዱ ነው፤ ያኔ እኔም አምናለሁ።

ንባብን ከንባብ ሳይሆን የአራት ሳምንት አማካይን ከቀጣዩ የአራት ሳምንት አማካይ ጋር ያነጻጽሩ። በአንድ ወር ውስጥ ከ2 ነጥብ ያነሰ ለውጥ መቶኛው ላይ ብቻ ካዩ፣ ክብደትና ወገብ ካላገዙት፣ ለውጥ ብለው አይመዝግቡት።

በአንድ ሌሊት የሚዘል ቁጥር ደግሞ ስብ ሊሆን አይችልም። ትናንት 37፣ ዛሬ 39 አለ እንበል። በ68 ኪሎ ላይ 2 ነጥብ 1.36 ኪሎ ስብ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዟል። 1.36 ኪሎ ለመጨመር ሰውነትዎ ከሚያቃጥለው በላይ ከ10,000 ኪሎ ካሎሪ የሚበልጥ መብላት ነበረብዎት፤ ያውም በአንድ ሌሊት። ያንን የሚያክል ምግብ አልበሉም። እግርዎን፣ ሰዓቱን፣ የጠጡትን ይፈትሹ።

## አምስተኛ፦ ሁለቱን ማሽኖች አይቀላቅሉ

የቤትዎን ንባብ ከቤትዎ ጋር፣ የክሊኒኩን ከክሊኒኩ ጋር ብቻ ያነጻጽሩ። ክሊኒክ የምንለካዎት በሦስት ወር አንዴ ነው፤ ቀጠሮውንም ከአሁን በኋላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አድርጌዋለሁ። ሳይበሉ ይምጡ። ቁርስዎን ይዘው ቢመጡ ከተለኩ በኋላ ይበላሉ።

«የቤቴ ሁልጊዜ 1.9 ይጨምራልና እቀንሳለሁ» ብለው ግን አያርሙት። ያ ልዩነት የአንድ ጠዋት ልዩነት ነው። ክብደትዎና የሰውነትዎ ቅርጽ ሲለወጥ ልዩነቱም ሊለወጥ ይችላል። ጂም ወይም ፋርማሲ ውስጥ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ቢያገኙ ደግሞ እሱ ፍሰቱን የሚልከው በክንዶችና በደረት በኩል ስለሆነ ሦስተኛ ቁጥር ይሰጥዎታል። ደብተርዎ ውስጥ አያስገቡት።

በመጨረሻ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች። ልባቸው ላይ ፔስሜከር ያላቸው ሰዎች በእነዚህ ማሽኖች መለካት የለባቸውም። እናትዎ ልብ ላይ የተገጠመላቸው ነገር እንዳለ አንዴ ነግረውኛል፤ ምን እንደሆነ ሐኪማቸውን እስኪጠይቁ ድረስ በሚዛንዎ ላይ ስብ መለኪያው በርቶ እንዳይወጡ። እርስዎም እርግዝና ካለ፣ ወይም እግርዎ ሲጫኑት የሚጎደጉድ እብጠት ካመጣ፣ መቶኛውን ማንበብ ያቁሙ። ያኔ የውሃው ግምት ከመሠረቱ ይፋለሳል። እብጠቱን ደግሞ እስከ ቀጠሮዎ ሳይጠብቁ ለሐኪም ያሳዩት።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ደብተሩን ብቻ ይዘው ይምጡ። ሚዛኑ እቤት ይቆይ፤ እየተሸከሙ ሲያመላልሱት ስሪቱ ሊዛባ ይችላል። ቁመትዎን እቤት ለክተው ከ160 በአንድ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ወይም ካነሰ ግን በዚሁ ሳምንት ደውለው ይንገሩኝ። የክሊኒኩን ማሽንም ያስገባነው በዚያው ቁጥር ነው፤ ከሚቀጥለው ልኬት በፊት ማስተካከል አለብኝ።